የበዛብህ ገፊ ምክንያት «ፍቅር» ነው ብዬ ጽፌ ድርሰቱ ተመለሰብኝ

ብርክቲ
ሰላም ለሁላችሁ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ መርጠን ገፊ ምክንያቱን የሚተነትን ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን ነበር። እኔ በዛብህን መረጥኩ። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ አምስት ገጽ ጽፌ ሰጠሁ። መምህራችን የመለሱልኝ ከዳር «ይህ ታሪኩ ነው። ለምን እንዳደረገው የታለ?» የሚል አንድ መስመር ጽፈውበት ነው። እንደገና እንድጽፍ አንድ ሳምንት ሰጥተውኛል።

ዋናውን አንቀጽ እንዳለ ልለጥፈው፤

«በዛብህ ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ በቤተ ክህነት ትምህርት አደገ። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ ሊያስተምር ገብቶ ወደዳት። የቤተ ክህነት ሰው በመሆኑ ማግባት አይችልም ነበር፤ ሆኖም ፍቅሩ በለጠበት። በፍቅሩ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ በፍቅሩ ምክንያት ወደ ጎጃም ሲመለስ ሕይወቱን አጣ። ስለዚህ የበዛብህ ገፊ ምክንያት ፍቅር ነው።»

ርዕሱ ራሱ ፍቅር እያለ ሌላ ምን ልበል? እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

የሬዲዮ ልጅ
እህቴ፣ አንቺ መጽሐፉን ብቻ ነው ያነበብሽው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ፈልገሽ ስሚው። በዛብህ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትንሽ እያመነታ ነው የሚያነበው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲመጡ ደግሞ ቤቱ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። እኔ ልጅ ሆኜ በዛብህ ምን ይሰማው እንደነበር ያወቅሁት ከዚያ ነው። ስሜቱ ከገባሽ ድርሰቱ ራሱ ይመጣል።

ብርክቲ
አመሰግናለሁ፣ እሰማዋለሁ። ግን የኔ ችግር ስሜቱ አልገባኝም ሳይሆን ምክንያቱን እንዴት እንደማስረዳ አለማወቄ ነው።

ደረጀ_66
ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ መደብ ነው። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ድሆች ናቸው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር የሚቆጥሩ ባላባት ናቸው። ልጃቸውን ለጠየቀ ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ሴትየዋን ያለ ባል ያስቀመጡ ሰው ለድሃ ልጅ አይሰጡም። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ደራሲው የጻፉት ስለዚያ ሥርዓት ነው። በዛብህን የሚገፋው ድህነቱ፣ የሚያቆመው የባላባቱ ትዕቢት ነው። ይህን ጻፊ፣ ሙሉ ማርክ ታገኛለሽ።

መምህር ዘኆኅት
ብርክቲ፣ ይህን ልብ ወለድ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። ያንቺን ዓይነት አንቀጽ በየዓመቱ አገኛለሁ፤ ስለዚህ ከአንቀጽሽ ልነሳ።

ሁለት ቦታ ላይ ተሳስተሻል። አንደኛው የመረጃ ስህተት ነው፣ ሁለተኛው የአስተሳሰብ።

«የቤተ ክህነት ሰው በመሆኑ ማግባት አይችልም ነበር» ብለሻል። ይህ አይደለም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ያገባል፤ ደብተራም ሚስት አለው፣ ልጅ ይወልዳል። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሮ መመረቅ ማንንም ከጋብቻ አያግድም። በዛብህን የሚያግደው ትምህርቱ ሳይሆን ስእለቱ ነው። ውድነሽ ልጇ ሕመም ሲበዛበት፣ ከተረፈላት ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሙሉ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳለች። እንግዲህ ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳይመስልሽ። «ቤተ ክህነት ከለከለው» ካልሽ ተቋም ከግለሰብ ጋር የተጋጨበት ታሪክ ይሆናል። «ስእለቱ ያዘው» ካልሽ ግን ሌላ ሰው በሱ ስም የገባው ቃል ነው ያሰረው። እሱ አልተሳለም። ሲሳሉበት ሕፃን ነበር።

ሁለተኛው፣ «ፍቅር» የሚለው ቃል ሁሉንም ስለሚያስረዳ ምንም አያስረዳም። አንቺው ጽፈሻል፤ በፍቅር ሸሸ፣ በፍቅር ተመለሰ፤ ዝም ማለቱንም ጨምሪበት። አንድ ምክንያት ሦስት የተቃረኑ ድርጊቶችን ካስገኘ፣ ድርጊቶቹን የሚለያየው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ገፊ ምክንያት የምንፈልገው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ያው የሚወድ ሰው ዛሬ ዝም ያሰኘው፣ ነገ ያስሸሸው ምንድን ነው?

ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው አንድ መፈተኛ አለ። እንቅፋቱን በሐሳብሽ አንሺውና ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂ። ፊታውራሪ መሸሻ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው «ልጄን ውሰዳት» ቢሉ፣ ሰብለ ወንጌል ምን ትሆናለች? ነጻ ትሆናለች። የሷ እንቅፋት አባቷ ናቸው፣ ከሷ ውጭ ቆመዋል፣ ሲነሡ መንገዱ ይከፈታል። በዛብህስ? ስእለቱ እዚያው አለ። ፊታውራሪው ቢፈቅዱም እሱ ለራሱ አልፈቀደም። ስለዚህ ሁለቱ ፍቅረኞች በአንድ ፍቅር ውስጥ ሆነው ግጭታቸው አንድ አይደለም፤ የሷ ውጫዊ ነው፣ የሱ ውጫዊም ውስጣዊም ነው።

ደረጀ፣ ያነሣኸው መደብ ልክ ነው፤ ግን ከበዛብህ ይልቅ የፊታውራሪ መሸሻን ምክንያት ነው የሚያስረዳው። ጠያቂዎችን ሲመልሱ ዘር እየቆጠሩ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይከራከርህም። በዛብህ ግን ወደ ኋላ የሚል ሰው የሆነው ድሃ ስለሆነ ብቻ ነው ካልን ስእለቱን ደራሲው ለምን እንዲያ በስፋት፣ ገና ከወላጆቹ ታሪክ ጀምረው እንደጻፉት አናውቅም። መደብ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ከፊታውራሪው ቤት መጀመር ይቻል ነበር።

ደረጀ_66
መምህር፣ ተቀብያለሁ፤ ግን በከፊል ነው። እናቲቱ ልጇን ለእግዚአብሔር የሰጠችውም ድሃ ስለሆነች ነው። ሀብታም ብትሆን ሌላ ስእለት ትሳል ነበር፤ ሰንጋ፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ። ያላት ልጇ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስእለቱም ከመደብ አይርቅም።

መምህር ዘኆኅት
ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጥሩ ነው። ግን ለብርክቲ አንድ ጥንቃቄ፤ ይህ የውድነሽን ምክንያት ያበራል እንጂ የበዛብህን አይደለም። የአንዷን ገፊ ምክንያት ለሌላው እንዳትሰጪ።

ከመንበር ወዲህ
ከድርሰት ጋር ብዙም አልተዋወቅም፤ ይህን ያነበብኩት ግን እንደ ሌላው ሰው አይደለም። እኔም የስእለት ልጅ ነኝ። እናቴ ከኔ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባት፣ እኔን ስታረግዝ ካደገ ለቤተ ክርስቲያን ያገለግላል ብላ ተሳለች። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ለአንድ የኔታ ተሰጠሁ። አሥራ ስድስት ላይ ትቼ ዓለማዊ ትምህርት ገባሁ።

መምህር፣ እርስዎ «አሰረው» አሉ። ከውስጥ ሲታይ ግን ገመድ አይመስልም። ዕዳ ነው የሚመስለው። ገመድ ቢሆን ትቆርጠዋለህ፤ ዕዳ ግን አንተ ባትከፍል ሌላ ሰው ይከፍላል። እኔ ትቼ ስወጣ የፈራሁት እግዚአብሔር እኔን ይቀጣኛል ብዬ አልነበረም። እናቴን ይጠይቃታል ብዬ ነው። ቃሉን የሰጠችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እሷ ራሷን ባመማት ቁጥር እኔ ነኝ ያመምኳት ይመስለኝ ነበር።

በዛብህ ሰብለን ሲወድ ደስ ብሎት የማይጨርሰው ለዚህ ይመስለኛል። እናቲቱ በሕይወት ብትኖርም ባትኖርም ዕዳው አይሞትም። እህቴ ብርክቲ፣ ይህን «ፍርሃት» ብለሽ አትጻፊው። ፍርሃት ሌላ ነው።

ብርክቲ
ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። «ወላጁ የገባውን ቃል ማፍረስ» እና «እግዚአብሔርን መፍራት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አላሰብኩትም ነበር።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ያንተ ስሜት የበዛብህም ነው ብዬ ድርሰት ላይ እንዴት እጽፋለሁ? «አንድ ሰው እንዲህ ተሰምቶታል» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

መምህር ዘኆኅት
አይሆንም፤ ትክክል ነሽ። ግን የት እንደምትፈልጊ ያሳይሻል። የሱን ቃል ይዘሽ ወደ መጽሐፉ ተመለሺ። በዛብህ ስለ ስእለቱ የሚያስብባቸውን ቦታዎች ሁሉ ምልክት አድርጊ። በያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ነገር በማስታወሻ ጻፊ፤ ማን ነው የሚናገረው? ከዚያ በፊት ምን ሆነ? ከዚያ በኋላ በዛብህ ምን አደረገ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነው። የዚህ ልብ ወለድ ተራኪ ሁሉን አወቅ ነው፤ ወደ ገጸ ባሕርያቱ ልብ ገብቶ ምን እንደተሰማቸው ይነግረናል። ስለዚህ «በዛብህ አዘነ» የሚለውን የተራኪውን ዓረፍተ ነገር ጠቅሰሽ «ስለዚህ አዝኗል» ብትዪ ተራኪው ያለውን ደገምሽ እንጂ አልተነተንሽም። ትንታኔው የሚጀምረው ተራኪው የነገረን ነገርና ገጸ ባሕርዩ ያደረገው ነገር ሲራራቁ ነው። ልቡ ወደ አንድ በኩል፣ እግሩ ወደ ሌላ በኩል ሲሄድ። እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው ገፊ ምክንያት ያለው። የሬዲዮ ልጅ ያለውም እዚህ ላይ ይረዳል፤ ወጋየሁ በዛብህን እያመነታ ያነበበው ያንን ክፍተት ሰምቶ ይሆናል። ግን ያ የአንባቢው ትርጓሜ ነው፤ አንቺ ከጽሑፉ ላይ ማሳየት አለብሽ።

ስትጠቅሺም በገጽ ቁጥር ብቻ አትጥቀሺ። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ታትሟል፣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፣ ያንቺና የመምህርሽ ቅጂ ላይገጥም ይችላል። ምዕራፉንና ትዕይንቱን ጥሪ።

ሰም ወርቅ
እኔ ደግሞ ሁላችሁም የሳታችሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ በሰምና ወርቅ ነው መነበብ ያለበት። ፍቅሩ ሰም ነው፤ ወርቁ የደራሲው የራሳቸው ሕይወት ነው። ዲማን ጥለው ወደ አዲስ አበባ የሄዱት እሳቸው ናቸው። የበዛብህ ገፊ ምክንያት የደራሲው ገፊ ምክንያት ነው።

መምህር ዘኆኅት
ደራሲው ያንን ትምህርት ስለሚያውቁ የተማሪ ቤቱን ሕይወት በዚያ ልክ መሳል ችለዋል፤ እስከዚህ እስማማለሁ። ግን ደራሲው የሄዱበት መንገድ ገጸ ባሕርዩ ለምን እንደሄደ አይነግረንም። አዲስ አበባ የደረሱት ሁለቱም ናቸው፤ የወጡበት ምክንያት ግን የየራሳቸው ነው። በዛብህ የሸሸው ከአንድ ቤት፣ ከአንዲት ሴት አጠገብ ነው። ብርክቲ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ከገባች ገጸ ባሕርዩ ከእጇ ይወጣል። ሰምና ወርቅም ሁለት ፍቺ ላለው ቃል ወይም ሐረግ ነው የሚውለው፤ ቅኔው ውስጥ ቃሉን ማሳየት ትችላለህ። እዚህ የትኛው ቃል ነው ሁለት ፍቺ ያለው?

ሰም ወርቅ
ቃሉ «መቃብር» ነው። እስቲ አስቡት። የተሳለ ሰው ለዓለም የሞተ ነው። መነኩሴ ሲመነኩስ ፍትሐት ይደረግለታል፣ እንደ ሞተ ሰው ይገነዛል። በዛብህ በእናቱ ስእለት ገና በሕፃንነቱ ወደ መቃብር ገብቷል። የመጀመሪያው መቃብር ስእለቱ ነው።

መምህር ዘኆኅት
ስለ ሥርዓቱ ያልከው ልክ ነው። ስለ መቃብሩ ግን መልስ የለኝም። ላስብበት።

ትዕግሥት ዘ ባሕር ዳር
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም በስእለቱ ላይ ተስማምታችኋል፤ እኔ አልተስማማሁም። ስእለቱ በዛብህን የሚገዛው ከሆነ ለምን ተመለሰ? አዲስ አበባ ደርሷል። ከፊታውራሪውም ርቋል፣ ከሰብለም ርቋል። ስእለቱን ሊፈጽም ከፈለገ ከዚያ የተሻለ ዕድል አልነበረውም፤ አንድ ገዳም ገብቶ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ጎጃም ጉዞ ጀመረ፣ መንገድ ላይም ሽፍቶች አገኙት። የመጨረሻ ድርጊቱ የስእለቱን መከራከሪያ ውድቅ ያደርጋል። መምህር «ድርጊቱን እዩ» ብለዋል፤ የመጨረሻውን ድርጊት ግን ማንም አላየውም።

መምህር ዘኆኅት
እህቴ ትዕግሥት፣ ይህ የዚህ ውይይት ምርጥ ተቃውሞ ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ስእለቱ ብቻ ቢሆን አይመለስም ነበር። ነገር ግን ስእለቱ ባይኖር ደግሞ ያንን ያህል አይዘገይም ነበር። ለኔ መመለሱ ስእለቱ አልገዛውም ማለት ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የወሰነው ነገር ነው ማለት ነው። ወደ ኋላ ተመልከቺ፤ ለእግዚአብሔር የሰጠችው እናቱ ናት። ፊደል የያዘው ሰጥተውት ነው። ከፊታውራሪው ቤት የገባው ተቀጥሮ ነው። የሸሸው ነፍሱን ለማትረፍ ነው፣ ያም ምርጫ አይባልም። መንገዱን ሁሉ ሌሎች ናቸው የቀየሱለት። ወደ ጎጃም የጀመረው ጉዞ ብቻ የራሱ ነው።

ትዕግሥት ዘ ባሕር ዳር
እንግዲያው ገፊ ምክንያቱ ስእለቱም ፍቅሩም ሳይሆን በራስ መወሰን ነው እያሉ ነው። ይህ ግን ከመጽሐፉ ነው የመጣው ወይስ ከኛ ዘመን? በዛብህ ራሱ «በራሴ ልወስን» የሚል ሰው አይመስለኝም። እንዲህ የሚናገር ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ጉዱ ካሳ ነው። ልማዱን፣ ባላባቱን፣ ዘር መቁጠሩን ፊት ለፊት የሚቃወም እሱ ነው። የካሳን ሐሳብ ለበዛብህ እንዳንሰጠው።

መምህር ዘኆኅት
ጥንቃቄሽ ልክ ነው። በዛብህ በቃል አይለውም። በእግሩ ግን ያደርገዋል። ይህን ክፍተት ካሳ በቃል ከሚያደርገው ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ አንዱ ያውቃል አያደርግም፣ አንዱ ያደርጋል አያውቅም። ግን ብርክቲ አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያላት፤ ካሳን ከጨመረች ድርሰቱ ይተረተርባታል።

ብርክቲ
ሦስት ቀን ቆይቼ መጣሁ። ምልክት ያደረግኩባቸውን ቦታዎች ስቆጥር ያስደነቀኝ ነገር በዛብህ ስለ ስእለቱ በብዛት የሚጨነቀው ሰብለ ከሱ ስትርቅ ሳይሆን ስትቀርበው መሆኑ ነው። ደስታው ሲበዛ ነው ጭንቀቱ የሚመጣው። ፊታውራሪውን የሚፈራ ሰው ቢሆን አደጋው ሲቀርብ ነበር የሚጨነቀው ብዬ አሰብኩ። አዲሱ አንቀጽ ይኸው፤

«በዛብህ ሰብለ ወንጌልን የሚወዳት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ፍቅሩ ብቻውን ለምን ዝም እንዳለና ለምን እንደዘገየ አያስረዳም። ከጋብቻ የሚያግደው የተማረው ትምህርት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮቿን ታጋባለች። የሚያግደው እናቱ ከመታመሙ የተነሣ የገባችው ቃል ነው። ይህ ቃል ከውጭ የቆመ እንቅፋት ስላልሆነ ሊሸሸው አይችልም። ለዚህም ነው ጭንቀቱ አደጋ ሲቀርብ ሳይሆን ደስታ ሲቀርብ የሚበረታው። ሰብለ የምትጋፋው አባቷን ነው፤ በዛብህ ግን በሱ ስም የተገባ ዕዳን ነው የሚጋፋው። ወደ ጎጃም ሲመለስ ዕዳውን አልከፈለም፣ አላፈረሰውምም፤ ይዞት ተጓዘ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከትዕግሥትና ከመምህር ክርክር የመጣ ነው። ልክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ደረጀ_66
ድህነቱን ጨርሰሽ አወጣሽው! ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ልጅ ሰጥታ ሌላ የምትሰጠው የሌላት እናት።

ከመንበር ወዲህ
«ይዞት ተጓዘ» የሚለውን አትንኪው።

ትዕግሥት ዘ ባሕር ዳር
ከቀድሞው በብዙ ይሻላል። ግን «አላፈረሰውምም» ላይ አሁንም እከራከራለሁ። ሊያገባት የሚሄድ ሰው በልቡ አፍርሶታል። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ልታቆዪው ትችያለሽ፤ ካቆየሽው ግን የሚደግፈው ትዕይንት ያስፈልግሻል። መንገድ ላይ ቆስሎ፣ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ስትደርስበት፣ ያኔ ስለ ስእለቱ ምን ይላል? ወይስ ዝም ይላል? እሱን ሳታዪ አትስጪ።

መምህር ዘኆኅት
«እናቱ ከመታመሙ የተነሣ» የሚለውን አስተካክዪ፤ ማን እንደታመመ ግልጽ አይደለም። «ልጅ ሳለ ሲታመም እናቱ የገባችው ቃል» በዪው። የደረጀን ዓረፍተ ነገር እዚያው ላይ ጨምሪው፣ ቦታው ነው። ትዕግሥት ያለችውን ትዕይንት እኔም ዛሬ ማታ እንደገና አነባለሁ።

ብርክቲ
አሁን እየከፈትኩት ነው።